ሙሽራዋን ማን ይልካታል? ልብስ ሰፊ፣ ፎቶ አንሺና የሠርግ አዘጋጅ በመርካቶ

የዛሬው ዝግጅት በተለይ መርካቶ ውስጥ ስፌት ቤት ከፍታችሁ የሙሽራና የሚዜ ልብስ ለምትሰፉ ነው። ፎቶ አንሺዎችና የሠርግ አዘጋጆችም አብራችሁን ሁኑ፤ ነገሩ ከልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛ በኩል ምን እንደሚመስል ትሰማላችሁ። ጉዳያችን ደንበኛ መላላክ ነው። ፎቶ አንሺው ሙሽራዋን ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ ልብስ ሰፊዋ ወደ ፎቶ አንሺው፣ የሠርግ አዘጋጇ ደግሞ ወደ ሁለቱም የሚልኩበት ስምምነት እንዴት ይጀመራል? ገንዘቡስ እንዴት ይታሰባል? በምንስ ይበላሻል?

ከቀን መቁጠሪያው እንጀምር፤ የሠርግ ሥራ ሁሉ የሚገዛው በእሱ ነውና። ኦርቶዶክሳውያን በአጽዋማት አይሞሸሩም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ጾመ ሐዋርያት፣ በነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ። ሠርጉ በመሐል በቀሩት ክፍት ሳምንታት ላይ ይጨናነቃል። 2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ ሁዳዴ የገባው የካቲት 9 ነበር። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላው ቀን ያለው ጊዜ አራት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ሲቆጠር አራት እሑዶች ብቻ ናቸው። በዚያው ሳምንት ረመዳንም ስለገባ የሙስሊም ሙሽሮችም ሠርጋቸውን ከዚያ በፊት ለመጨረስ ተጣድፈዋል። እንግዲህ የአንድ ከተማ ሙሽራ፣ ሚዜና አጃቢ በነዚያ አራት እሑዶች ላይ ሲደራረብ አስቡት።

በዚህ ወቅት ጥሩ ልብስ ሰፊ ደንበኛ አያጣም፤ የሚያጥረው ቀን ነው። ሙሽራዋ ለጥር ሠርግ በጥር መጀመሪያ ስትመጣ ልብስ ሰፊዋ ወይ «አልችልም» ብላ ትመልሳታለች፣ ወይ ተቀብላ ሌሊቱን ስትሰፋ ታድራለች። ሁለተኛው ደግሞ የተንጋደደ ዚፕና የተጨማደደ ገበር ይወልዳል። ስለዚህ ከፎቶ አንሺና ከሠርግ አዘጋጅ ጋር መላላክ ለመርካቶ ልብስ ሰፊ ከሁሉ በላይ የሚሰጠው ጥቅም ሙሽራዋ ቀደም ብላ እንድትመጣ ማድረጉ ነው። በኅዳር የምትመጣ አንዲት ሙሽራ በጥር ከሚመጡ ሦስት ትሻላለች።

ለምን ቀድማ ልትመጣ እንደምትችል ለማየት ሙሽራዋ በምን ቅደም ተከተል ሰው እንደምታገኝ እንመልከት። ሽምግልናው አልቆ ቀን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚያዘው አዳራሽ ነው። ቀጥሎ አቅሙ ያላት የሠርግ አዘጋጅ ትይዛለች። ፎቶና ቪዲዮ ይከተላል፤ ምክንያቱም ታዋቂ ፎቶ አንሺዎች በነዚያ አራት እሑዶች ቶሎ ይያዛሉ። ልብስ ግን «ይደርሳል» እየተባለ ወደ ኋላ ይገፋል። በሌላ አነጋገር አዘጋጇና ፎቶ አንሺው ሙሽራዋን የሚያገኟት ልብስ ሰፊዋ ከምታገኛት ብዙ ሳምንት ቀድመው ነው። «ልብስሽን ይዘሻል ወይ?» ብለው ቢጠይቋት ብቻ ልብስ ሰፊዋ ወር ታተርፋለች።

ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚሄደውስ? ልብስ ሰፊዋ ለፎቶ አንሺው ምን ልትልክለት ትችላለች? እዚህ ላይ ነው መርካቶ ከሌላው ሰፈር የሚለየው። አዘጋጅ የማይዝ ቤተሰብ፣ ይህ ደግሞ ብዙው ነው፣ የሠርጉን ሥራ የሚጀምረው ከመርካቶ ነው። እናት ወይም አክስት ለሽሮውም ለበርበሬውም ለጨርቁም ወደዚያው ይመጣሉ። ለዘመድ የሚታደል ነጠላ ይገዛሉ፣ ለመልስ የሚሆን ካባ ይጠይቃሉ፣ የሚዜዎቹን ልብስ ያማርጣሉ። እነዚህን ቤተሰቦች ፎቶ አንሺው በቲክቶክም በቴሌግራምም አያገኛቸውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ልኬት ስትወስድ፣ መጀመሪያ ስታስሞክር፣ ሁለተኛ ስታስሞክርና ስታስረክብ አራት ጊዜ ታገኛቸዋለች። ከነዚህ መካከል የፎቶን ነገር ለማንሳት ጥሩው ልኬት የሚወሰድበት ቀን ነው፤ ሜትሩ ትከሻ ላይ ሆኖ ሰው ስለ ሠርጉ ሳይጠየቅ ያወራል።

እንግዲህ ማንን ልምረጥ የምትሉ ካላችሁ፣ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ፎቶ አንሺና አንዲት አዘጋጅ ይበቃሉ። ውይይቱን በሁዳዴ ጀምሩት፤ ሁላችሁም ፋታ ያላችሁ ያን ጊዜ ነው። ፎቶ አንሺውን ስልኩ ላይ የመረጣቸውን ጥቂት ምርጥ ፎቶዎች እንዲያሳያችሁ አትጠይቁት። የአንድ ሠርግ ሙሉ አልበም አምጣ በሉት። አልበሙን ስታዩ ደግሞ የልብስ ሰፊ ዓይናችሁን ተጠቀሙ፦ ማታ አዳራሽ ውስጥ የተነሳው ነጭ ልብስ ጥለቱ ይታያል ወይስ ብርሃን በልቶታል? ጥቁሩ ሱፍ ላይ ኮሌታውና ኪሱ ይለያሉ ወይስ አንድ ጥቁር ሆኗል? በመጨረሻም አልበሙ ከሠርጉ በኋላ በስንት ጊዜ እንደተሰጠ ባለቤቶቹን ጠይቁ። አልበም ለሚያዘገይ ሰው የላካችኋት ደንበኛ ሁሉ ቅሬታዋን ለእናንተ ታመጣለች፤ እሱን ያገኘችው በእናንተ ነውና።

እሱም እናንተን የመፈተሽ መብት አለው። ልብሱን ገልብጦ ውስጡን ይይ፤ የስፌቱ ጠርዝ ተከፍፏል ወይ፣ ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ጋር እኩል ወርዷል ወይ፣ ዚፑ ሲዘጋ ይቆለመማል ወይ? ከዚህ የተሻለ ግን ለእህቱ አንድ ቀሚስ ማሰፋት ነው። በተባለው ቀን መድረሱን በራሱ ቤት ያየ ሰው ሙሽራ ሲልክ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

የመጀመሪያው ንግግር እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ልብስ ሰፊዋ እድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ፎቶ አንሺው ወጣት ነው እንበል።

«እትዬ፣ ሙሽራ ብልክልዎ ምን ያህል ያስቡልኛል?»

«ልጄ፣ ገንዘቡን እንደርስበታለን። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለጥር ስንት ሠርግ ይዘሃል?»

«እስካሁን ሦስት።»

«ከሦስቱ ልብስ ያልያዘች አለች?»

«አንዷ አልያዘችም መሰለኝ። ቀሚሱን ከውጭ አገር ታመጣለች፤ ሚዜዎቿ ግን ገና ናቸው።»

«እሷን እስከ ኅዳር መጨረሻ አምጣልኝ። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ሰፊ ንገራት፤ እኔ አልደርስላትም። እኔም የመልስ ካባ የሚያሰፉ ሁለት ቤተሰቦች አሉኝ፣ ፎቶ አልያዙም። ስልክህን ልስጣቸው ወይስ እዚሁ ሆነው ልደውልልህ?»

«መደወሉ ይሻላል፣ እትዬ።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር ተከናውኗል። ሴትየዋ አቅማቸውን ተናግረዋል፣ ከየትኛው ቀን በኋላ እንደማይቀበሉ አሳውቀዋል፣ ደንበኛውን ደግሞ ስልክ ቁጥር ጽፎ ከመስጠት ይልቅ ፊት ለፊት ለማገናኘት ወስነዋል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን የደንበኛን ስልክ ፈቃዷን ሳይጠይቁ ለሦስተኛ ሰው ማቀበል ሙሽራዋን ያስቆጣል። በሠርግ ሰሞን ከማታውቀው ሰው ሁሉ ይደወልላታል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሆና እሷ ፈቅዳ ሲደወል ግን ከሁለቱ ጋር በአንዴ ትተዋወቃለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ ብዙ መላላክ የሚፈርሰው እዚህ ነው። በመርካቶ ደንበኛ ያመጣ ሰው ኮሚሽን መጠየቁ አዲስ ነገር አይደለም፣ የደላላ ሥራ በዚያ የቆመ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው «አሥር በመቶ» ነው። አሥር በመቶ ለፎቶ አንሺና ለልብስ ሰፊ እኩል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለማሳያ ያህል በድፍን ቁጥር እናስላው፤ ዋጋዎቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፣ የዕለቱን ገበያ አይወክሉም።

ስድስት ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ያሰፋሉ እንበል። ለአንድ ቀሚስ ሦስት ሜትር ጨርቅ ከሄደ አሥራ ስምንት ሜትር ነው፤ ለስህተት ሁለት ሜትር ጨምረን ሃያ ሜትር እንገዛለን። ሜትሩ በ700 ብር ቢሆን ጨርቁ 14,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የስፌቱ ዋጋ ለአንዱ 1,500፣ ለስድስቱ 9,000 ብር ይሁን። ደንበኛዋ በጠቅላላ 23,000 ብር ትከፍላለች። ከ9,000ው ላይ ገበር፣ ዚፕ፣ ክርና የሠራተኛ ደሞዝ ለአንድ ቀሚስ 900 ብር ቢወስድ 5,400 ይሄዳል። ለልብስ ሰፊዋ የሚቀራት 3,600 ብር ነው፤ የሱቅ ኪራይም ገና ከዚሁ ይወጣል።

አሥር በመቶው ከ23,000ው ከታሰበ 2,300 ብር ነው። ይህ ከ3,600ው ላይ ሲነሳ የሚቀራት 1,300 ነው። ከትርፏ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ለላኪው ሰጠች ማለት ነው። ያው 23,000 ብር የፎቶ አንሺ ሥራ ቢሆንስ? ለረዳቱ፣ ለትራንስፖርትና ለአልበሙ 11,000 ቢያወጣ 12,000 ይቀረዋል፤ 2,300ው ከዚያ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የመጣው በልብስ ሰፊዋ ሒሳብ ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ የጨርቅ ነጋዴው ስለሆነ ነው። በእጇ አልፎ የሚሄድ ገንዘብ ላይ ኮሚሽን መክፈል የለባትም። ኮሚሽን የግድ ከሆነ በስፌት ዋጋው ላይ ብቻ ይታሰብ፤ ከ9,000ው አሥር በመቶ 900 ብር ነው፣ 2,700 ይቀራታል።

«ታዲያ 2,300ውን ዋጋው ላይ ብጨምረውስ?» የሚል ይኖራል። በሌላ ሰፈር ያስኬድ ይሆናል። መርካቶ ግን ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ በአንድ ተራ ነው የሚቀመጠው። ዋጋው የተጋነነባት አክስት አጠገባችሁ ካለው ሱቅ ጠይቃ ለመመለስ ደቂቃዎች ይበቋታል። ያን ጊዜ የምታጡት አንዱን ሥራ ብቻ አይደለም። ሙሽራዋ «የላከኝ ሰው ሸጠኝ» ትላለች፣ ፎቶ አንሺውም አብሮ ይወድቃል።

የእኔ ሐሳብ፣ በልብስ ሰፊና በፎቶ አንሺ መካከል ገንዘብ ባይንቀሳቀስ ይሻላል የሚል ነው። ሁለቱም ለሌላው የሚሰጡት ነገር አላቸው። ፎቶ አንሺው ከእያንዳንዱ ሠርግ ልብሱ ጥርት ብሎ የሚታይባቸውን አራት አምስት ፎቶዎች ለልብስ ሰፊዋ ይስጣት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ እሱ የላካትን ሙሽራ የቀን ቅድሚያ ትስጣት። የሠርግ አዘጋጅ ግን ኑሮዋ በማስተባበር ነው፣ ድካሟ መከፈል አለበት። ክፍያዋን ከሙሽራዋ በግልጽ ብትቀበል ከሁሉ ይሻላል። ከልብስ ሰፊዋ የምትቀበል ከሆነም ሙሽራዋ ትወቅ፣ በደረሰኝም ይሁን። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ ያወጣውን ኮሚሽን በግብር ጊዜ እንደ ወጪ ሊያስይዘው አይችልም።

ቀብድ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር ልናገር። አንዳንድ አዘጋጆች ለሁሉም ባለሙያ የሚሆነውን ቀብድ ከሙሽራዋ ጠቅልለው ተቀብለው ያከፋፍላሉ። ሥራው ሲሰምር ማንም አያስተውለውም። ሲበላሽ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመጣል። ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፉን የሚመልሰው ማን ነው? ደረሰኙ በማን ስም ነው? አዘጋጇ 5,000 ብር ለልብስ ተቀብላ 3,000ውን ብቻ ለሰፊዋ ብታቀብል፣ ሰፊዋ ሥራውን ትታ ብትሄድ ክርክሩ ለሦስቱም ይከፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ቀብድ በራሱ ደረሰኝ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር በስሙ ይቀበል። መላላክ ደንበኛን ማገናኘት ነው፤ የሌላውን ገንዘብ መያዝ ውስጥ አይገባም።

ወደ ስድስቱ ሚዜዎች እንመለስ፣ ሥራውን ከቀን ጋር አስኪደን እንየው። ሠርጉ እሑድ ጥር 24 ነው እንበል። ፎቶ አንሺው በኅዳር መጀመሪያ ሙሽራዋን ላከ። አዘጋጇ የአዳራሹን ዲኮር ቀለም ወስናለች፤ አቧራማ ሮዝ የሚባለው ነው፣ ፎቶውንም በቴሌግራም ልካለች። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ነው። በስልክ የታየ ቀለም በየስልኩ ይለያያል፤ የአንዱ ስክሪን ያቀላዋል፣ የሌላው ያገረጣዋል። ልብስ ሰፊዋ በፎቶው ተማምና ሃያ ሜትር ጨርቅ መግዛት የለባትም። ከጨርቅ ነጋዴው የሦስት የአራት ቀለም ቁራጭ ለምና በወረቀት ላይ በስቴፕለር ትለጥፋለች፣ ከጎኑ የሱቁን ቦታ ትጽፋለች። ወረቀቱ ወደ አዘጋጇ ይሄዳል፤ አዘጋጇ ከአበባውና ከጠረጴዛው ልብስ ጋር ታመሳስላለች። ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ይሄዳል።

ፎቶ አንሺው ቁራጩን ምን ያደርገዋል? በፍላሽ አንድ ጊዜ፣ ያለ ፍላሽ አንድ ጊዜ ያነሳዋል። ሳቲን የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፍላሹን መልሶ ይተፋል፤ ደረትና ዳሌ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ቀለሙም ከስድስቱ ሚዜዎች በእያንዳንዷ ላይ የተለየ ይመስላል። ቬልቬት በተቃራኒው ብርሃኑን ይውጣል፤ ጥቁር ሰማያዊ ካባ በምሽት ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ጥልፉ ወርቃማ ካልሆነ ቅርጹም ይጠፋል። ሐር መሰል ሆኖ ደብዘዝ ያለ ጨርቅ ግን በሁለቱም ብርሃን ቀለሙን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ እንኳ ላታውቅ ትችላለች፤ ልብሱን የምታየው በሱቋ አምፖል ሥር ነውና። ፎቶ አንሺውም በተራው ጨርቁ ከተገዛ በኋላ ማጉረምረም ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ጨርቅ ያለችበት ወረቀት በሦስቱ እጅ ማለፏ ከማንኛውም ኮሚሽን የበለጠ ዋጋ አላት።

ቀለሙ ሲጸድቅ ሃያውም ሜትር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጣቃ ይገዛ። ሁለት ጣቃ አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር ቢኖራቸውም ማቅለሚያቸው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ሱቅ ውስጥ አይታይም፤ ስድስት ሴቶች ተሰልፈው በጠራራ ፀሐይ ሲነሱ ግን ሁለቱ ይለያሉ። ጣቃው ሃያ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ሌላ ቀለም መምረጥ ይሻላል።

ልኬቱ እስከ ታኅሣሥ 1 ይለቅ። ከሚዜዎቹ አንዷ ውጭ አገር ካለች፣ ይህ ዛሬ የተለመደ ነው፣ ልኬቷን በስልክ ትልካለች። አዘጋጇ ቁጥሩን ስታቀብል መለኪያውን አብራ ታቀብል። «ደረት 36» ብሎ ዝም ማለት አደገኛ ነው፤ 36 ኢንች ወደ 91 ሴንቲሜትር ነው። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመትና እጅ ከነመለኪያቸው በአንድ ወረቀት ይጻፉ፣ ወረቀቱም በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በስፌት ቤቱ፣ ሌላው በአዘጋጇ ዘንድ። ይህ የሁለት ቅጂ ነገር ጥንቃቄ የበዛበት መስሏችሁ ከሆነ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት አስታውሱ። ዕቃ የተከማቸበት ቤት በአንድ ሌሊት ሊወድም ይችላል። ልኬቱና የጨርቁ ቁራጭ በሌላ ሰው እጅ ካለ ሌላ ሰፊ ከዚያው ይቀጥላል፤ ከሌለ ሙሽራዋ ከዜሮ ትጀምራለች።

የመጀመሪያው ሙከራ ታኅሣሥ 20 አካባቢ ይሁን። ከዚያ በኋላ ገናና ጥምቀት የሥራ ቀን እንደሚበሉ አትርሱ። ሁለተኛው ሙከራ ጥር 7፣ ርክክቡ ጥር 14፤ ከሠርጉ አሥር ቀን ቀድሞ። አሥሩ ቀን ክብደት ለቀነሰች ሚዜ ወገብ ለማጥበብ፣ ከውጭ ለመጣችው ቁመት ለማስተካከል ነው። ሥራው ሊዘገይ መሆኑ የሚታወቀው በርክክቡ ቀን አይደለም። ታኅሣሥ 20 ላይ ከስድስቱ ቀሚሶች ሦስቱ እንኳ ለሙከራ ካልደረሱ ያኔውኑ ታውቋል። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ቀን ለአዘጋጇ መደወል አለባት። በታኅሣሥ የተነገረ መዘግየት ሁለት ቀሚስ ለሌላ ሰፊ በመስጠት ይፈታል፤ በጥር 20 የተነገረ ግን መፍትሔ የለውም። ላኪውም ከዚያ በኋላ ሰው አይልክም።

ጥፋት ሲደርስ ማን ይሸከማል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ትክክል የምለው፣ ሥራውን የሠራው ጥፋቱን ይሸከም፣ የላከው ደግሞ ሙሽራዋን አይሽሻት የሚለውን ነው። ቀሚሱ ከጠበበ ልብስ ሰፊዋ በራሷ ወጪ ታስተካክላለች። ፎቶ አንሺው ግን ሙሽራዋ ስትደውልለት «እኔ ምን አገባኝ» አይበላት፤ ለሰፊዋ ራሱ ደውሎ ቀን ያስቆርጥላት።

ሠርጉ ካለቀ በኋላ ፎቶዎቹ ይመጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ግድግዳ ላይ ልትለጥፋቸው፣ በቴሌግራም ልታወጣቸው ትፈልጋለች፤ ፎቶ አንሺውም ስሙ እንዲታይለት ይፈልጋል። የሙሽራዋ ፈቃድ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ መለጠፍን፣ ማባዛትን፣ መሸጥን ይከለክላል። «ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ማለት ከዚህ አያድንም። ፈቃዱ ቀብድ ሲከፈል በሁለት መስመር ይጻፍ፦ ፎቶው የት የት እንደሚወጣ፣ የሚዜዎቹም ፊት እንደሚታይ ወይም እንደማይታይ። ሙሽራዋ ካልፈለገች ፎቶ አንሺው ፊት የማይታይበትን፣ የጀርባውን ጥልፍ ወይም የቀሚሱን ጥለት ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ለልብስ ሰፊዋ ያንሳላት። ለልብስ ሰፊ ሥራ ይህ ይበቃል፤ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው የሚመለከተው ስፌቱን ነው።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር ይበቃል፦ ሙሽራዋን ማን ላካት፣ በየትኛው ቀን መጣች፣ ሠርጓ መቼ ነው፣ በሥራው ተስማማችሁ ወይስ ቀረ። «ከማን ሰምተሽ መጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ በልኬት ቀን ጠይቁ፤ በኋላ ስትጠይቁ ሰው ይረሳል። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ከአጋሮቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ደብተሩን ተመልከቱት። የላካችሁትና የተላከላችሁ ቁጥር እኩል ላይሆን ይችላል፣ ይህ አያሳስብ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። የተላኩላችሁ ሰዎች ሁሉ ከሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው የመጡ ከሆነ፣ ላኪው እናንተን የሚያስታውሰው ሌላ ሰፊ «አልችልም» ሲላቸው ነው ማለት ነው። የላካችኋቸው ደግሞ አጋራችሁ ዘንድ ሄደው ጠይቀው ብቻ ከተመለሱ፣ ወይ ዋጋው ለእናንተ ደንበኛ ከፍ ብሏል፣ ወይ አቀባበሉ ጥሩ አይደለም። ሙሽሮቹን ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ይነግሯችኋል።

ስምምነቱ ካልሠራ መለያየትም አለ። በዚያ ጊዜ የተጀመሩ ሥራዎች በሙሉ እስኪያልቁ ሁለታችሁም እንደ በፊቱ ትሠራላችሁ፤ አዲስ ሙሽራ ብቻ መላኩን ታቆማላችሁ። በእጃችሁ ያለውን የልኬት ወረቀት ቅጂ፣ የጨርቅ ቁራጭና ፎቶ ለባለቤቱ ትመልሳላችሁ። ለሚቀጥለው ወቅት ሌላ ሰው መፈለጊያው ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ነው፣ ከፍልሰታ በፊት።